ምዕራፍ 7፦ እንግዴ ልጅ የሚያሳልፈውና የማያሳልፈው

ሰናይት (ስሟ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ዝርዝሯንም ቀይሬዋለሁ) ምርመራ ክፍሌ ገብታ ከመቀመጧ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየችኝ። ከአንገቷ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመረ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቀጭን መስመር ነው። «እንቅርቱ ከወጣልኝ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን ድኛለሁ» አለችኝ። 31 ዓመቷ ሲሆን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ያመጣት የሚያማት ነገር አልነበረም። የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ጠባሳውን አይታ «ለማንኛውም ሐኪም ይይሽ» ብላ ስለላከቻት ነው የመጣችው። ያቺ አዋላጅ ያን ቀን ያደረገችው ነገር የልጁን ሕይወት ሳያተርፍ እንዳልቀረ ኋላ ላይ ታያላችሁ።

በዚህ ምዕራፍ የሰናይትን እርግዝና እስከ ወሊዱና ከዚያም ትንሽ አለፍ ብዬ እከተላለሁ። የመረጥኳት ሁለቱም የታይሮይድ በሽታዎች በአንድ እርግዝና ውስጥ ስለተገናኙባት ነው። እሷ ሆርሞን ያንሳታል፤ በማኅፀኗ ያለው ልጅ ደግሞ ሆርሞን ሊበዛበት ይችላል። የአንዳቸው የሆርሞን ውጤት ስለሌላኛው ምንም አይናገርም።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የመተንፈሻ ቧንቧን ያቀፈች፣ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ናት። ከደም አዮዲን እየለቀመች በዋናነት ቲ-ፎር የተባለውን ሆርሞን ትሠራለች። ይህ ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴና ምግብ የሚቃጠልበትን ፍጥነት ይወስናል። እጢዋን የምታዘው ደግሞ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ስትሆን ትእዛዟን የምትልከው ቲኤስኤች በሚባል ሌላ ሆርሞን ነው። ፒቱታሪ ሠራተኛው ሲያዘግም ጩኸቱን እንደሚያበዛ አሠሪ ናት። ቲ-ፎር ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፤ ቲ-ፎር ሲበዛ ደግሞ ቲኤስኤች እስኪጠፋ ይወርዳል። «ቲኤስኤችሽ ከፍ ብሏል» የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ «ታይሮይዴ በዛ» ብላ ለቤተሰቧ ታወራለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አንሷታል ማለት ነው።

ሰናይትን ለቀዶ ሕክምና ያበቃት የግሬቭስ በሽታ ነበር። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ በሽታው ከጻፈው አየርላንዳዊ ሐኪም ከሮበርት ግሬቭስ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቲኤስኤችን የሚመስል አንቲቦዲ ይሠራል። አንቲቦዲው እጢዋ ላይ ይለጠፍና ያለ ማቋረጥ «ሥሪ፣ ሥሪ» ይላታል። እጢዋ ታብጣለች፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ አንዳንዱም ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል። የሰናይት እጢ ሙሉ በሙሉ ወጥታ እሷ ከዚህ ሁሉ ተገላግላለች። ከዚያ ወዲህ እጢዋ ትሠራው የነበረውን ሆርሞን በክኒን ትወስዳለች፤ ሌቮታይሮክሲን 100 ማይክሮግራም፣ በቀን አንድ።

አንቲቦዲውን የምትሠራው ግን እጢዋ አልነበረችም። የሚሠሩት የመከላከያ ሴሎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ቢላዋ አልነካቸውም።

መጀመሪያ ግን ወደ እሷ እንመለስ። ከማርገዟ በፊት ቲኤስኤችዋ 1.4 ነበር፤ በሰባተኛው ሳምንት 6.8 ሆኖ ተገኘ። ለነፍሰ ጡር ላቦራቶሪው የራሱ የተለየ ልክ ከሌለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ላይኛውን ድንበር ወደ 4 እናደርገዋለን፤ ሌቮታይሮክሲን ለምትወስድ ሴት ደግሞ ከ2.5 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ክኒኑን አላቋረጠችም። የተለወጠው ሰውነቷ ነው። እርግዝና ሲጀምር ኤስትሮጅን ይጨምራል፤ ጉበትም በኤስትሮጅን ግፊት ሆርሞኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞረውን ፕሮቲን አብዝቶ ይሠራል። ተሸካሚው ሲበዛ ነፃ ሆኖ የሚሠራው ሆርሞን ይቀንሳል። ጤነኛ እጢ ያላት ሴት ይህን ምርቷን በግማሽ ያህል ጨምራ ትሸፍነዋለች። ሰናይት የምትጨምር እጢ የላትም፤ ያላት ትናንት የነበረው ክኒን ብቻ ነው።

ለዚህ የተለመደው መላ ቀላል ነው። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች በሳምንት ሰባት የነበረውን ክኒን ዘጠኝ ታደርገዋለች፤ በሁለት ቀን ላይ ሁለት ሁለት ትውጣለች ማለት ነው። ጭማሪው 30 ከመቶ አካባቢ ይሆናል። ፍላጎቱ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ስለሚጨምር ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ለማርገዝ የምታስብ ሁሉ ይህን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገርበት ጥሩ ነው። ሰናይት ይህን የነገራት አልነበረም። እኔም በዚያው ቀን ክኒኑን ወደ ዘጠኝ አሳድጌ በአራት ሳምንት ቀጠርኳት።

ይህ ጥድፊያ ለምን አስፈለገ? ፅንሱ በእነዚያ ሳምንታት የራሱ ሆርሞን የለውም። የፅንስ ታይሮይድ አዮዲን መልቀም የምትጀምረው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ በቂ ሆርሞን መሥራቷ ግን እስከ እርግዝናው አጋማሽ ይዘገያል። እስከዚያ አንጎሉ የሚታነፀው ከእናቱ በሚያልፈው ቲ-ፎር ነው። እንግዴ ልጅ እንደ ኬላ ነው። የእናትን ቲ-ፎር በጥቂቱ ያሳልፋል፤ ያ ጥቂትም ያስፈልጋል። አዮዲንን ያሳልፋል። ቲኤስኤችን አያሳልፍም። ለታይሮይድ መብዛት የሚሰጡትን መድኃኒቶች ያሳልፋል፤ አንቲቦዲንም እንዲሁ። የዚህን ኬላ ሕግ ያልያዘ ሰው የሰናይትን ታሪክ ቀሪ ክፍል ሊረዳው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ታይሮይዳቸው አንሶ ሳይታከሙ የቀሩ እናቶችን ልጆች ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ ፈትኗል። የአእምሮ ብቃት ውጤታቸው ከሌሎቹ ልጆች በአማካይ በ7 ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሆርሞን ማነስ ካልታከመ ደግሞ ውርጃን፣ የደም ግፊትንና ያለጊዜው መወለድን ያበዛል። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ቲኤስኤችዋ በትንሹ ከፍ ያለችን ሴት ሁሉ ማስፈራራት ልክ አይደለም። ቲ-ፎራቸው ደህና ሆኖ ቲኤስኤች ብቻ ከፍ ባለባቸው ሴቶች ላይ በኋላ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ሕክምናው የልጆቹን የአእምሮ ውጤት ሲያሻሽለው አላሳዩም። በእነዚያ ሙከራዎች ሕክምናው የተጀመረው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ስለነበር ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። የሰናይት ጉዳይ ግን አያከራክርም፤ እጢ የላትም።

በ11ኛው ሳምንት ተመልሳ ስትመጣ ቲኤስኤችዋ 5.1 ነበር። ከዘጠኝ ክኒን በኋላ ይህ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን መጠኑን ከማሳደጌ በፊት ስለ አወሳሰዱ መጠየቅ ልማዴ ነው።

«ክኒኑን መቼ ነው የምትወስጂው?»

«ጠዋት ነው ዶክተር፤ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም።»

«ከምን ጋር?»

«ከደም ማነሱ ክኒን ጋር ነዋ። ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጥ አደርግና ቡና እጠጣለሁ።»

የደም ማነሱ ክኒን ያለችው ጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡር ሁሉ የሚሰጠው አይረንና ፎሊክ አሲድ ነው። አይረን በሆድ ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን ይይዝና ወደ ደም ሳይገባ አብሮት ይወጣል። ካልሲየምም እንዲሁ ያደርጋል። ቡናም በበኩሉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። መፍትሔው ቡናዋን መንፈግ አልነበረም። ጠዋት በባዶ ሆድ ክኒኑን በውሃ ብቻ ትውጣለች፤ ቡናውና ቁርሱ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይቀጥላል። አይረኑ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቅ፤ እሷ ወደ ማታ ማድረጉን መረጠች። መጠኑን ሳልነካ በ15ኛው ሳምንት ቲኤስኤችዋ 1.9 ገባ። አወሳሰዱን ሳልጠይቅ መድኃኒቱን ጨምሬው ቢሆን ኖሮ አይረኑን ባቆመች ቀን ከልክ በላይ ትወስድ ነበር።

እዚህ ላይ ከሰናይት ትንሽ ወጣ ልበል፤ ተቃራኒውን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁና። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝናው ሆርሞን፣ የሽንት ምርመራው የሚፈልገው ማለት ነው፣ ከቲኤስኤች ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል። በአሥረኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ላይ ሲደርስ እጢዋን ራሱ ይገፋታል፤ የሴቲቱ ቲኤስኤችም ይወርዳል። መንታ ያረገዘች ወይም ማስታወክ የበረታባት ከሆነች ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ በአራተኛው ወር ገደማ በራሱ ይመለሳል። ስህተቱ ውጤቱን ብቻ አይቶ «ታይሮይድሽ በዝቷል» ብሎ የግሬቭስን መድኃኒት መጀመር ነው። ለመለየት አንገቷን ዳስሱ፣ ዓይኗን እዩ፣ ልብ ምቱና መክሳቱ ከእርግዝናው በፊት የጀመረ መሆኑን ጠይቁ፣ ከተቻለም አንቲቦዲውን መርምሩላት። እንቅርት የላትም፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ ሁሉም ነገር የጀመራት ከማቅለሽለሹ ጋር ነው? ፈሳሽ ትተካ፣ የማስታወክ መድኃኒት ይሰጣት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሟ ይደገም።

እውነተኛ ግሬቭስ ሲሆንና እጢው ሳይወጣ ሴቲቱ ስታረግዝ የመድኃኒቱ ምርጫ በሳምንት ይቆጠራል። ሜቲማዞልና የቅርብ ዘመዱ ካርቢማዞል በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱን አካል ሊያዛቡ ይችላሉ። ከራስ ቅሉ ላይ ቁራጭ ቆዳ ሊጎድል፣ የአፍንጫው የኋላ በር ሊዘጋ፣ የምግብ ቧንቧው ሳይቀጥል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመረጠው ፒቲዩ ነው። እሱም ንጹሕ አይደለም። ከባድ የጉበት ጉዳት አልፎ አልፎ ያደርሳል፤ በፅንሱ ላይም ቀለል ያሉ ጉድለቶች ታይተዋል። በሁለቱም ላይ ያለው ሌላ አደጋ አብዝቶ መስጠት ነው። መድኃኒቱ ኬላውን በቀላሉ ስለሚያልፍ እናትየዋን ፍጹም ልክ ላይ ያደረሰ መጠን የፅንሱን እጢ ያፍናል። ለዚህ ነው የእናትየዋ ቲ-ፎር በልኩ ላይኛ ጠርዝ ላይ ወይም ጥቂት አልፎ እንዲቆይ የምንተወው። ውጤቷን አይታ «ገና አልዳንኩም» የምትል ሴት ብትኖር ሆን ተብሎ መሆኑን ንገሯት። ከሁለቱ አንዱን የምትወስድ ሴት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዛት ደግሞ መድኃኒቱን አቁማ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሏን ታስቆጥር፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ እነዚያን ሴሎች ያጠፋል።

ወደ ሰናይት እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ከቲኤስኤች ሌላ ያዘዝኩት ምርመራ የግሬቭሱን አንቲቦዲ የሚለካው ነበር። በጥቂት ቦታ ብቻ የሚሠራ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ምርመራ ነው። «እጢዬ ከወጣ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ ለእሷ ምንም አያደርግላትም። የላብራቶሪው ላይኛ ልክ 1.75 ሲሆን የእሷ 9.6 መጣ። ከልኩ ሦስት እጥፍ ካለፈ ለፅንሱ ያሰጋል፤ የእሷ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። አንቲቦዲው በእሷ አንገት ውስጥ የሚገፋው እጢ ስላጣ ለአራት ዓመት ዝም ብሎ ሲዞር ኖሯል። አሁን ግን በማኅፀኗ ውስጥ አንዲት አዲስ እጢ እያደገች ነው።

ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ አልትራሳውንድ ተደረገላት። የምናየው አራት ነገር ነው፤ የልብ ምቱን፣ የአንገቱን እጢ፣ እድገቱንና የሽርት ውሃውን። በ22ኛው ሳምንት ሁሉም ደህና ነበር፤ አንቲቦዲው ተደግሞ 8.8 መጣ። በ26ኛው ሳምንት የፅንሱ ልብ በደቂቃ 174 መታ። ልኩ ከ110 እስከ 160 ነው። ሕፃን ሲንቀሳቀስ ወይም እናቱ ሲያተኩሳት ለአፍታ ሊፈጥን ስለሚችል በማግስቱ እሷን አስተኝተን ደገምነው፤ 178 ሆነ። እጢውም በአልትራሳውንዱ አብጦ ታየ። የፅንስ እንቅርት ሁለት ተቃራኒ ምክንያት አለው፤ ወይ አንቲቦዲው እየገፋው ነው፣ ወይ የእናትየዋ መድኃኒት አፍኖታል። ሰናይት ግን የሚያፍን መድኃኒት አልወሰደችም፤ ልቡም እየፈጠነ ነው። የእሷ ቲኤስኤች በዚያ ሳምንት 1.7 ነበር፤ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል።

ፅንሱን የምናክመው በእሷ አፍ በኩል ነው። ሦስት ወሩ ስላለፈ ሜቲማዞል 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፤ ሌቮታይሮክሲኑም ይቀጥላል። ማዘዣውን ይዛ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ፋርማሲስቱ ነው። «ዶክተር ይቅርታ፣ አንዱ ታይሮይድ የሚጨምር፣ ሌላው የሚቀንስ ነው። ሴትየዋ ደግሞ እጢዋ ወጥቷል ትላለች። ስህተት ገብቶ ይሆን?» መጠየቁ አስደሰተኝ። ሜቲማዞሉ በእሷ ውስጥ የሚሠራበት ቦታ የለውም፤ ኬላውን አልፎ የልጁን እጢ ያረግባል። ሌቮታይሮክሲኑ ደግሞ የእሷ ነው፤ በብዛት ወደ ልጁ አያልፍም። ሁለት መድኃኒት ለሁለት ሰው፣ መግቢያው ግን አንድ አፍ ነው። ይህን ሳስረዳው ትንሽ ዝም አለና «በሉ እሺ፣ ልስጣት» አለኝ።

በአሥር ቀን የልብ ምቱ 148 ገባ። መጠኑን በአልትራሳውንዱ እየተመራን ቀነስነው፤ ወደ መጨረሻው በቀን 5 ሚሊግራም ብቻ ትወስድ ነበር። በ38ኛው ሳምንት በምጥ 2.6 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከእትብቱ የተወሰደው ደም ደህና ነበር፤ ዘመድ አዝማድም ገንፎውን በልቶ ደስ ብሎት ነበር።

አደገኛው ጊዜ ግን ይሄኔ ነው የሚጀምረው። ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ መድኃኒቱንና አንቲቦዲውን። መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ከደሙ ይጠፋል፤ አንቲቦዲው ግን ለወራት ይቆያል። ስለዚህ በተወለደ ቀን ደህና የነበረ ልጅ ከሦስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊታመም ይችላል። አስቀድመን በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በ14ኛው ቀን ደሙ እንዲታይ ቀጥረን ነበር። የሦስተኛው ቀን ደህና ነበር። በሰባተኛው ቀን ሲመጡ አያቱ «ወተቷ አልበቃው ብሎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይጠባል፣ አይተኛም» አሉኝ። ሲመዘን ከተወለደበት 200 ግራም ቀንሶ ነበር። ላብ ላብ ይለዋል፣ ዓይኑን ፈጦ ያያል፣ ልቡ በደቂቃ 196 ይመታል። የሚጠባ ልጅ ሲከሳ ወተት ማነስ ብቻ አይደለም የሚጠረጠረው። ቲኤስኤቹ ሊለካ እስከማይችል ወርዶ፣ ቲ-ፎሩ ከልኩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ።

ሆስፒታል ገባ። ባለ 5 ሚሊግራሟን የሜቲማዞል ክኒን ፋርማሲው በ5 ሚሊሊትር ውስጥ አዘጋጀው፤ ልጁ በስሪንጅ ጠዋት 0.6፣ ማታ 0.6 ሚሊሊትር ይጠጣል። ልቡን የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎልም ለአጭር ጊዜ ተጨመረለት። በአምስተኛው ቀን ምቱ ወደ 150 ወርዶ መተኛት ጀመረ። ጡት አላቋረጠም፤ የእናቱ ሌቮታይሮክሲን ለሚጠባ ልጅ አያሳስብም። የእሷም መጠን ከወሊድ ማግስት ወደ ቀድሞው በሳምንት ሰባት ክኒን ተመልሶ በስድስተኛው ሳምንት ደሟ ሲታይ ልኩ ላይ ነበር። ሕፃኑ በየሁለት ሳምንቱ እየተለካ መድኃኒቱ ሲቀንስ ቆይቶ፣ አንቲቦዲው ከደሙ ሲጠፋ፣ በ11ኛው ሳምንት ጨርሶ ቆመለት። ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲው እንጂ የሚሠሩት ሴሎች ስላልነበሩ፣ በሽታው አብሮ ሄደ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ልጁን አቅፋ መጥታ «ሁለተኛ ባረግዝስ?» አለችኝ። የእሷን አንቲቦዲ እንደገና አስለካሁት፤ 7.9 ነበር። የክትትል ካርዷን ተቀብዬ የፊት ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩበት፦ «እጢዋ ወጥቷል፤ አንቲቦዲ አላት። ስታረግዝ ለእሷ ቲኤስኤች፣ ለፅንሱ አንቲቦዲ ይለካ።»